ማንበብ ያቃተው ልጅ እና መጽሐፉ ሲዘጋም የሚቸገረው ልጅ፦ የምላሽ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ለሚከተለው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ ነው፦ “ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ የማይችሉ ልጆች ሞልተዋል። እነዚህን ‘የመማር ችግር’ እና ‘የአእምሮ ዕድገት ውስንነት’ እያሉ መከፋፈል ለባለሙያ እንጀራ ካልሆነ ጥቅም የለውም፤ ስሙ ቢለያይ ነገሩ ያው ነው። የእንግሊዝ አገር ድረ ገጾችም ሁለቱን በአንድ ስም ነው የሚጠሯቸው። አይኪው የሚባለው የማሰብ አቅም መለኪያ ፈተና ይሰጣቸው፤ ከ70 በታች ያመጣ ውስንነት አለበት፣ ከዚያ በላይ ያመጣ ሰነፍ ነው። ማንበብ ያልቻሉትን ልዩ ክፍል ሰብስቦ የሕይወት ክህሎት ማስተማር ይሻላል። ለወላጅ ግን ‘የመማር ችግር’ እንበል፤ አያስደነግጥም፤ ብዙዎቹንም ሲያድጉ ይተዋቸዋል።”

ከእንግሊዝ አገር ድረ ገጾች እንጀምር፤ የመደበላለቁ ሥር እዚያ ነውና። ጸሐፊው ያየውን በትክክል አይቷል። በብሪታንያ የጤና አገልግሎት “ለርኒንግ ዲስኤቢሊቲ” ሲባል እኛ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የምንለው ነው። በሌላው ሁሉ ከእኩዮቹ ያልተለየ፣ ንባብ ብቻ የከበደው ልጅ እዚያ ሌላ ስም አለው፤ “ለርኒንግ ዲፊከልቲ” ይሉታል፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ እክልም የሚመደበው በዚሁ ሥር ነው። አትላንቲክን ሲሻገሩ ግን ያው የመጀመሪያው ቃል ትርጉሙን ይለውጣል። አሜሪካዊው የልዩ ትምህርት ምሁር ሳሙኤል ከርክ እ.ኤ.አ. በ1963 ቺካጎ ለተሰበሰቡ ወላጆች “ለርኒንግ ዲስኤቢሊቲ” የሚለውን ስም ሲያቀርብ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆችና ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውን ከስሙ ውጭ አድርጎ ነበር። ስሙ የተፈለገው ለመለየት እንጂ ለመጠቅለል አልነበረም። ለአእምሮ ዕድገት ውስንነት አሜሪካኖቹ የሚሉት “ኢንተለክችዋል ዲስኤቢሊቲ” ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሕግም የድሮውን “ሜንታል ሪታርዴሽን” ከፌዴራል ሕጎቻቸው አንሥተው ይህን ተክተዋል።

እንግዲህ አንድ አስተማሪ ጠዋት የለንደን ገጽ፣ ማታ የኒውዮርክ ገጽ አንብቦ ሁለቱንም “የመማር ችግር” ብሎ ቢተረጉም ቃሉን አልሳተም፤ ሰዎቹን ግን አደባልቋቸዋል። የትኛው አገር ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ጽሑፉ ስለ ዳውን ሲንድረም፣ ስለ አለባበስና ስለ ገላ መታጠብ፣ አዋቂ ሆነው ማን ጋር እንደሚኖሩ የሚያወራ ከሆነ የብሪታንያው ትርጉም ነው። ስለ ንባብ ፍጥነት፣ ስለ ፊደል ግድፈት፣ ስለ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት የሚያወራ ከሆነ የአሜሪካው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ መጠሪያዎችና ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሰጥቷል። በአማርኛ “የአእምሮ ዕድገት ውስንነት” የሚለው ለምዷል፤ ለሌላው “የንባብ እክል”፣ “የጽሕፈት እክል”፣ “የስሌት እክል” እያሉ በየስሙ መጥራት ይቻላል። “የመማር ችግር” የሚለው ግን እንዲሁ ብቻውን ሲቆም የራበው፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ክፍል የማይገባ ልጅ ሁሉ የሚከተትበት ጆንያ ነው።

በነገራችን ላይ ሌላ መደበላለቅም አለ። “የአእምሮ ዕድገት ውስንነት” ሲባል “የአእምሮ ሕመም” ብሎ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። ሕመሙ በማንኛውም ዕድሜ የሚጀምር፣ የሚታከም፣ የሚመላለስም ነገር ነው። ውስንነቱ ከልጅነት አብሮ የሚያድግ የአቅም ሁኔታ ነው። ይህን እዚህ ላይ ተወት አድርገን እንለፍ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 70 ከሰማይ የወረደ ወሰን አይደለም። የአይኪው ፈተናዎች አማካዩ 100፣ የተለመደው ልዩነት 15 እንዲሆን ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ከአማካዩ ሁለት ጊዜ 15 ወደታች ሲቆጠር 70 ላይ ያርፋል። ፈተናው ራሱ ወደ 5 ነጥብ የሚደርስ መዋዠቅ ስላለው 70 ያመጣ ልጅ እውነተኛ አቅሙ ከ65 እስከ 75 ባለው ውስጥ ነው ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ 68 ያመጣውንና 73 ያመጣውን በቁጥሩ ብቻ ወዲያና ወዲህ ማስቀመጥ አይቻልም። ውስንነት ለመባል ሦስት ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት፦ የማገናዘብና ከልምድ የመማር አቅም በጉልህ ዝቅ ማለቱ፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ ራስን የመምራት አቅምም አብሮ ዝቅ ማለቱ፣ ሁለቱም በዕድገት ዘመን መጀመራቸው። መሐል ላይ ያለው ካልተገኘ፣ ማለትም ልጁ በቤቱና በሰፈሩ እንደ እኩዮቹ የሚኖር ከሆነ፣ ቁጥሩ 66 ቢሆንም ያንን ስም መስጠት ስሕተት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2013 እትሙ ወዲህ የውስንነቱን ክብደት የሚመድበው በኑሮ አቅም እንጂ በአይኪው ቁጥር አይደለም።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይበልጥ ይንሸራተታል። ቤቱ ሶማልኛ፣ ጎረቤቱ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ የሆነ ልጅ፣ ሌላ አገር ተሠርቶ በሌላ አገር ልጆች የተመዘነ ፈተና በሦስተኛ ቋንቋው ተተርጉሞ ቢሰጠው፣ የሚለካው በከፊል አማርኛው ነው። የንባብ እክል ያለበት ልጅም በቃላት ዕውቀት ክፍል ነጥቡ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ብዙ ቃል የሚገኘው ከንባብ ነውና። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ስላላነበበ ሊሆን ሲችል፣ ያላነበበው ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ነው ይባላል፤ ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

“ከዚያ በላይ ያመጣ ሰነፍ ነው” የሚለውን በተመለከተ፣ ከጽሑፉ ሁሉ ብዙ ልጅ የሚጎዳው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። የንባብ እክል ማለት እኮ በትክክል ቁጥሩ 85፣ 100 ወይም 115 የሆነ ልጅ ድምፅንና ፊደልን ማያያዝ ሲያቅተው ነው። “ሰላም” በል በሉት፤ ይላል። አሁን “ሰ”ን ተውና በለው ሲባል “ላም” ማለት ያቅተዋል፣ ወይም ደጋግሞ አስቦ ይላል። “ወንበር” ላይ “ወን”ን ተው ሲባል “በር” አይመጣለትም። ላምንም በርንም ያውቃል፤ ቃል በድምፆች የተገጣጠመ መሆኑ ነው ጆሮው ላይ የማይለይለት። ይህን በስንፍና ማስረዳት አይቻልም፤ በመግረፍም አይስተካከልም።

“ነገሩ ያው ነው” ለሚለው መልሱ ሁለት ልጆችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱንም ዓይነት የማያውቅ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ አይገኝም። አንዱ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለ የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ ሌላዋ ሐረር ጁገል ውስጥ የምትኖር የ9 ዓመት ልጅ ናት። ሁለቱም በአማርኛ ይማራሉ፣ በቤታቸውም አማርኛ ይነገራል። ከፊደል ገበታ ላይ ሃያ ፊደላት ተዘበራርቀው ተጽፈው ቢቀርቡላቸው ሁለቱም ሰባት ሰባት አነበቡ። በሪፖርት ካርድ ላይ አንድ ናቸው።

በፊደሉ ደረጃ ብዙም የሚለያቸው ነገር የለም፤ አስተማሪው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሁለቱም “ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ” እያሉ እንደ ዘፈን ያወርዱታል። ጣታችሁን “ሚ” ላይ ብቻ ብታሳርፉ ግን ከ“መ” ጀምረው በሹክሹክታ “መ ሙ ሚ” ብለው ቆጥረው ነው የሚደርሱት። ገበታውን በዜማ እንጂ በዓይን አያውቁትም። ሁለቱም ለ እና ሰን፣ ተ እና ቸን፣ ደ እና ጀን ያለዋውጣሉ። ሁለቱም የመማሪያ መጽሐፉን አንዳንድ ገጽ “ያነባሉ”፤ ሥዕሉ በወረቀት ሲሸፈን ግን ንባቡ ያልቃል፣ ገጹን በቃላቸው ይዘውት ነበርና። “ዳሚቡ” ወይም “ሶቂላ” ዓይነት ትርጉም የሌለው ቃል ቢሰጣቸው ሁለቱም ይቆማሉ።

መጽሐፉን ዝጉት። ልዩነቱ የሚወጣው አሁን ነው።

ስድስት ዓረፍተ ነገር ያላት ተረት ትነበብላቸው፦ አንዲት ሴት ገበያ ሄዳ ፍየል ገዛች፣ ፍየሏ ገመዷን በጥሳ ጠፋች፣ ማታ ዝናብ መጣ፣ ጠዋት ፍየሏ በራፍ ላይ ተገኘች፣ ልጅየው ደስ አለው፣ ገመዱ በሰንሰለት ተቀየረ። ከዚያ አምስት ጥያቄ ይጠየቁ፤ ሦስቱ ከታሪኩ በቀጥታ የሚገኙ፣ ሁለቱ መገመት የሚጠይቁ ይሁኑ፤ ለምሳሌ ገመዱ ለምን በሰንሰለት ተቀየረ የሚለው። የሳቢያኑ ልጅ አምስቱንም መለሰ፤ “ዳግመኛ እንዳትበጥስ ነዋ” ብሎ በጥያቄው ተገርሞ። የጁገሏ ልጅ “ፍየል” አለች፤ ሴትዮዋ ምን ገዛች ለሚለው። ለቀሩት ዝም አለች ወይም “ፍየል” ብላ ደገመች።

አሁን ወደ ሱቅ ላኩአቸው። 100 ብር ተሰጥቷቸው ጨውና ሳሙና ይዘው እንዲመጡ። የሳቢያኑ ልጅ ሁለቱንም ይዞ፣ መልሱን ይዞ፣ ባለሱቁ አምስት ብር “ነገ እሰጥሃለሁ” ማለቱን ነግሮ ይመጣል። የጁገሏ ልጅ ጨው ይዛ ትመጣለች፤ ሳሙናውን ረስታለች፤ መልሱን መጠበቅ እንዳለባት አታውቅም፤ መንገድ ላይ ሌላ ልጅ ቢጠይቃት ገንዘቡን ትሰጣለች። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መልስ መቁጠር ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ የስሌት እክል ያለበት ልጅ በሁሉ ነገር ከእኩዮቹ እኩል ሆኖ ከ100 ላይ 35 ሲቀነስ ሊጠፋው ይችላል። መታየት ያለበት ሌላው ነው፦ መልስ የሚባል ነገር እንዳለ ያውቃል? ሲታለል ይነቃል? ባጃጅ እየመጣ መንገድ ያቋርጣል? አዝራሩን ራሱ ይቆልፋል? የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? የሳቢያኑ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ ይጫወታል፣ ሕጉን ያስከብራል። የጁገሏ ልጅ የምትስማማው ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር ነው።

ይህ ሁሉ የሚመዘነው በአካባቢው ልክ ነው። የድሬዳዋ ከተማ የከዚራ ሰፈር ልጅ ፍየል ማገድ ባይችል፣ የገጠር ልጅ ባጃጅ መሳፈር ባያውቅ ምንም አይደለም። ጥያቄው ያንኑ ሰፈር፣ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ዕድሜ የሚጋራ ልጅ የሚያደርገውን ያደርጋል ወይ ነው።

እናቶች ሲጠየቁም ታሪኩ ይለያያል። የሳቢያኑ ልጅ በዓመቱ ሄደ፣ በጊዜው ተናገረ፤ አባቱም ተማሪ ሳሉ ማንበብ ይከብዳቸው እንደነበር ይናገራሉ፣ የንባብ እክል በቤተሰብ ይሄዳልና። የጁገሏ ልጅ በሁለት ዓመት ተኩል ሄደች፣ ሁለት ቃል ያገናኘችው አራት ዓመት ሲሞላት ነው፤ ምጡም ረዝሞ እንደተወለደች ቶሎ አላለቀሰችም። እነዚህ ምልክቶች እንጂ ማረጋገጫዎች አይደሉም፤ ግን አቅጣጫ ያሳያሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጣራት ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጆሮና ዓይን ነው። ጆሮው በየጊዜው መግል የሚፈስ ልጅ “በ”ን ከ“ደ” ለይቶ ሳይሰማ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ጥቁር ሰሌዳ የማያይ ልጅም በጓደኛው ደብተር እየገለበጠ ይኖራል። ሁለተኛው ትምህርቱ ራሱ ነው፦ ስንት ቀን ቀረ? ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ፊደል በዜማ ብቻ ነው የተማረው? ሦስተኛው ቋንቋው ነው። ተረቷ መነበብ ያለባት ልጁ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ነው። አንድ ልጅ በኦሮምኛ ቁቤን እያቀላጠፈ አንብቦ የአማርኛ ፊደል ላይ ከቆመ፣ የንባብ እክል የለበትም፤ አማርኛ አልተማረም። እክሉ ቢኖርበት በሁለቱም ጽሕፈት ይከተለው ነበር። ብዙ ቋንቋ በሚነገርባቸው በድሬዳዋና በሐረር ይህን ማጣራት የተረሳ ጊዜ ጤነኛ ልጅ ስም ይወጣለታል።

ለንባብ እክል ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ይህን ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም። ስሙ የሚሰጠው ልጁ ለይቶ በተዘጋጀ እገዛ ቢያንስ ስድስት ወር ተምሮ ችግሩ ሲቀጥል ነው። ስለዚህ “ማንበብ አልቻለም” የሚለው የመነሻ ቃል እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም።

ስለ ልዩ ክፍሉ እንነጋገር። የሳቢያኑን ልጅ ወደዚያ ብትወስዱት የሚማረው ጥርስ መቦረሽ፣ ዕቃ መግዛት፣ ሰላምታ መስጠት ነው። እነዚህን ያውቃቸዋል። የጎደለውን አንድ ነገር፣ ፊደሉን፣ የሚያስተምረው የለም። አምስተኛ ክፍል ሲደርስ የሚጎድለው ንባብ ብቻ አይሆንም፤ ሳይንሱም ታሪኩም በንባብ የሚመጣ ስለሆነ አብሮ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በእርግጥም ከእኩዮቹ ወደኋላ የቀረ ይመስላል። ክፍሉ ራሱ የሰጠውን ስም እውነት ያደርገዋል።

ለእሱ የሚያስፈልገው በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ ሦስት ወይም አራት ልጆች ያሉበት ትንሽ ቡድን ነው። ገበታው እንደተሰደረ አይወርድም። አካሄዳቸው ግልጽ በሆኑት በለ፣ በበ እና በሰ ይጀመራል፤ ካዕቡ ጎኑ መካከል ላይ፣ ሣልሱ እግሩ ሥር ላይ ምልክት እንዳለው በጣት እየተነካ ይታያል፦ ቡ፣ ቢ፤ ሉ፣ ሊ፤ ሱ፣ ሲ። ረ እና ፈ ይህን ሥርዓት ስለማይከተሉ ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ለኋላ ይቆያሉ፤ መጀመሪያ ከገቡ የተማረውን ያፈርሱበታል። ፊደሉ በካርድ ተጽፎ እንደ ካርታ ተበውዞ ይመጣል፣ ዜማው እንዳይረዳው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ቃል ማንበብ አለበት፦ “በሉ”፣ “ለበሰ”፣ “ሲበሉ”። ሳድሱ ትንሽ ቆይቶ ይገባል፤ አንዳንዴ ድምፅ ይዞ፣ አንዳንዴ ሳይዝ ስለሚነበብ ነው። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ላይ፣ ለምሳሌ “ገና” በዓሉ ይሁን “ገና ነው” የሚለው፣ ቢሳሳት አይቆጠርበት፤ ጽሕፈታችን አያሳየውምና አዋቂም የሚለየው ከዐውዱ ነው። በየዓርቡ ያው ሃያ ፊደል በአዲስ ቅደም ተከተል ይሰጣል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል። እስከዚያው ሳይንስና ኅብረተሰብ ላይ ጥያቄው ተነቦለት በቃሉ ይመልስ፤ ያወቀውን ፊደል እንዳይሸፍንበት።

የጁገሏ ልጅም ፊደል ትማራለች፤ “ውስንነት ያለበት ልጅ ማንበብ አይችልም” የሚለው እምነት ሌላ ስሕተት ነው። ውስንነታቸው ቀለል ያለ ልጆች፣ ብዙዎቹም እነሱ ናቸው፣ በዚሁ መንገድ ያነባሉ። የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ለእሱ በሳምንት አምስት ፊደል ከሆነ ለእሷ ሁለት ነው፣ ድግግሞሹም ሦስትና አራት እጥፍ። ቃላቱም ከኑሮዋ ይመረጣሉ፦ ስሟ፣ “ጨው”፣ “መውጫ”፣ “አደጋ”። ከፊደሉ ጎን ግን እሱ የማያስፈልገው ትምህርት ለእሷ ያስፈልጋል፤ ሱቅ መሄድ ራሱ ተበጣጥሶ የሚማሩት ነገር ነው። ብሩን መያዝ፣ ዕቃውን መናገር፣ ብሩን መስጠት፣ ዕቃውን መቀበል፣ መልሱን ጠብቆ መቀበል፣ ቤት አምጥቶ ማስረከብ፤ ስድስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ አምስቱን አስተማሪው ወይም እናቷ አብረው ያደርጉና ስድስተኛውን ብቻ እሷ ትሠራለች። እሱን ስትለምድ አምስተኛውና ስድስተኛው የእሷ ይሆናሉ። ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መሄዱ በየቀኑ ሥራውን የምትጨርሰው እሷ እንድትሆን ያደርጋል።

ልዩነቱ ሐኪም ቤትም ይከተላል። ለእሱ ዓይንና ጆሮ ከታየ ይበቃል። ለእሷ መንሥኤው መፈለግ አለበት፦ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ ሳይታወቅ የሚመጣ የሚጥል በሽታ፣ ከተወለደች በኋላ የያዛት የማጅራት ገትር፣ በዘር የሚመጣ ነገር። አንዳንዱ ቢታወቅ የሚታከም ነው፤ አንዳንዱ ለቀጣዩ እርግዝና እናቲቱ ማወቅ የሚገባት ነው። ለሁለቱም “የመማር ችግር” ተብሎ ከተጻፈ ይህን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።

አሁን ለወላጅ ስለሚነገረው ለስላሳ ስም። የጁገሏ ልጅ እናት “የመማር ችግር ነው” ከተባሉ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ አስጠኚ ይቀጥራሉ። በየወሩ እየከፈሉ ልጃቸው “እስክትደርስ” ይጠብቃሉ። አስጠኚው ፊደል ያስቆጥራል፤ ሱቁ፣ መንገዱ፣ ሰውነቷን ከማያውቁት ሰው መጠበቁ አይነሣም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ድንጋጤው ይመጣል፣ ስድስት ዓመት ዘግይቶ። የሳቢያኑ ልጅ አባት ደግሞ ያንኑ ቃል ሰምተው፣ ቃሉ በሰፈሩ ለእሷም እንደሚባል ስለሚያውቁ፣ ልጃቸው “አእምሮው ነው” ብለው ያዝናሉ፤ ትምህርቱን አስትተው ሥራ ያስገቡታል። አንድ ስም አንዷን በሐሰት ተስፋ፣ አንዱን በሐሰት ተስፋ መቁረጥ ጎዳ። ደግሞም ልስላሴው አይቆይም። “የአእምሮ ዝግመት” ራሱ በጊዜው ጨዋ የሙያ ቃል ነበር፤ ዛሬ “ዘገምተኛ” ስድብ ነው።

“ሲያድጉ ይተዋቸዋል” የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ፣ ዘግይተው የተናገሩ ወይም የሄዱ ልጆች ከፊሎቹ በእርግጥ ይደርሳሉ፤ ለዚያም ነው በዚያ ዕድሜ ባለሙያ ሁለቱንም ስም ሳይሰጥ “የዕድገት መዘግየት” ብሎ የሚያቆየው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም አብረው ያድጋሉ፣ መልካቸው ይለያል እንጂ። የሳቢያኑ ልጅ አዋቂ ሆኖ ያነባል፤ ቀስ ብሎ፣ ፊደል እየገደፈ፣ ረጅም ቅጽ ሲሰጠው እየተጨነቀ። የጁገሏ ልጅ አዋቂ ሆና ሥራ ልትሠራ ትችላለች፤ ውል ስትፈርምና ገንዘብ ስታበድር ግን አጠገቧ የምታምነው ሰው ያስፈልጋታል። የአንዱ እገዛ ለሌላው አይሆንም። በነገራችን ላይ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙም ይችላሉ፤ ንባቡ ውስንነቱ ከሚያስጠብቀው በታች ሲወርድ ማለት ነው። እሱን ለመለየት ግን መጀመሪያ ሁለት ስሞች ያስፈልጉናል።

ከትምህርት ቤት ወደ ሆስፒታል የሚላኩ ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ “ተማሪው የመማር ችግር ስላለበት እንዲታይልን” የሚል አንድ መስመር ናቸው። የሚቀበለው ሐኪም ከዚያ መስመር ምንም አያገኝም። አስተማሪ ምርመራ መስጠት የለበትም፤ ያየውን መጻፍ ግን ይችላል። ለሁለቱ ልጆች ደብዳቤው እንዲህ ይሆን ነበር፦

“ወንድ፣ 9 ዓመት፣ 3ኛ ክፍል። በቤት አማርኛ ይናገራል። ከ20 የተዘበራረቁ ፊደላት 7 አነበበ፤ ከ6 ወር የቡድን እገዛ በኋላ 15፣ ግን በጣም በዝግታ። ተረት ተነቦለት ከ5 ጥያቄ 5 መለሰ። ብቻውን ሱቅ ይላካል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል። ‘ሰላም’ ላይ ‘ሰ’ን አውጥቶ ማለት አልቻለም። ዓይንና ጆሮው እንዲታይ፣ የንባብ እክል መሆን አለመሆኑም እንዲመረመር።”

“ሴት፣ 9 ዓመት፣ 3ኛ ክፍል። በቤት አማርኛ ትናገራለች። ከ20 ፊደላት 7 አነበበች፤ ከ6 ወር እገዛ በኋላ 10። ተረት ተነቦላት ከ5 ጥያቄ 1 መለሰች። ሁለት ዕቃ ከታዘዘች አንዱን ትረሳለች፣ መልስ አትጠብቅም፣ መንገድ ብቻዋን አታቋርጥም፣ አዝራር ለመቆለፍ እገዛ ያስፈልጋታል። በ2 ዓመት ተኩል ሄደች፤ ምጡ ረዝሞ ነበር። የዕድገት ሁኔታዋ፣ የመስማት አቅሟና የእንቅርት ዕጢዋ እንዲታይ፤ ወላጆቿም ውጤቱን ከሐኪሙ በግልጽ ስሙ እንዲሰሙ።”